ሴክሽኑ ላይ የነበረው በር

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከሚሴ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጂኦሜትሪ አስተምሬአለሁ። የቤት ፕላን ማንበብ የሚያቅተው ሰው ቢኖር እንኳ እኔ አይደለሁም ብዬ አምን ነበር። እንዲህ ያለ እምነት ምን እንደሚያስከትል አሁን አውቃለሁ።

ቦታዬ ከከተማው ዳር፣ ዳገት ላይ ነው። ከፊቱ የባጃጅ መንገድ ያልፋል፤ ከኋላው ዳገቱ ወደ ላይ ይቀጥላል። ከሰው ቤት ሰው ቤት ስዞር ኖሬ በአርባ ስድስት ዓመቴ የሠራሁት የመጀመሪያ ቤቴ ነው። የተሠራውም ከማንም በፊት ለእናቴ ለአሻ ነበር። ጉልበቷ ከከዳት ቆይቷል፤ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ከአንድ ደረጃ በላይ መውጣት አትችልም። ቢሆንም በየቀኑ በራሷ እግር ትወጣለች፤ ለሶላት ውዱ ታደርጋለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ የታመመ ጎረቤት ትጠይቃለች። ልደግፍሽ የሚላትን ሰው አትወድም።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው የሚሸከመኝ አንድ ቀን ነው» ትለኝ ነበር። «ያን ቀን ደግሞ እኔ አላየውም።»

ፕላኑን የሠራችልኝ ነዋል ናት፤ የድሮ ተማሪዬ። ቦታው ድረስ መጥታ ዳገቱን ለካች። ከእናቴም ጋር ቁጭ ብላ ስትጫወት አረፈደች፤ የጋራ ወሬ ከየት እንዳገኙ ገርሞኝ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወረቀቶቹን ይዛ መጣች፤ ፕላን፣ ሴክሽን፣ ኤሌቬሽን። ላስረዳዎት ስትል አቋረጥኳት።

«ነዋል፣ ጂኦሜትሪን ያስተማረሽ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት ቲቸር» አለች እየሳቀች። «ግን ፕላኑ ማለት ቤቱን ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብለን በአግድም ቆርጠነው ከላይ ስናየው ነው። የክፍሉን ስፋት ይነግርዎታል፤ መሬቱ የት ከፍ የት ዝቅ እንደሚል ግን አይታይበትም። እሱ ያለው ሴክሽኑ ላይ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ካላዩ…»

«አውቃለሁ» አልኳት። አላውቅም ነበር።

ከወረቀቶቹ ሁሉ ልቤን የወሰደው የፊት ለፊቱ ኤሌቬሽን፣ ቤቱ ከመንገድ ሲታይ የሚያሳየው ሥዕል ነው። ቀለም ተቀብቷል፤ ከጎኑ ዛፍ አለ፤ ከበሩ ፊት ደረጃ ተደርድሯል። ግርማ ሞገስ ያለው መግቢያ ነው አልኩና ተከራይቼ በምኖርበት ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። እናቴ ብዙ አየችውና «ዛፉ ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። የጓሮውን ኤሌቬሽን እንደታጠፈ ተውኩት፤ ጓሮን ማን ያያል?

ግንበኛው ሸምሱ ነው። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጧል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከተማው ውስጥ ያልገነባው ነገር የለም። የመሠረቱ ድንጋይ ከፊት ለፊት እስከ ወገቤ ከፍ ብሎ ሳየው አልደነገጥኩም። ግቢው አፈር ሲሞላ ይስተካከላል ብዬ አሰብኩ። ብሎኬቱ መደርደር ሲጀምር ፕላኑን ዘርግቼ የእናቴ ክፍል ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ክፍሏ ከኋላ ነው፤ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ የራሱ በር አለው።

«ይሄን በር ዝጋው» አልኩት። «መኝታ ቤት ከጓሮ በር ምን ያደርግለታል? ለሌባ ነው። ከውጭ በኩል የውሃ ሮቶ እናስቀምጥበታለን።»

ሸምሱ ጭንቅላቱን አከከ። «ቲቸር፣ ይሄ በር ሴክሽኑም ላይ አለ። ልጅቷ ያለ ነገር አታስገባውም። አንዴ ብንደውልላትስ?»

«ሴክሽን ማለት ቤቱ እንደ ዳቦ ለሁለት ተቆርጦ ሲታይ ነው። እኔ የምሠራው ልኖርበት ነው፣ ልቆርሰው አይደለም።»

የቀን ሠራተኞቹ ሳቁ። ሸምሱ አልሳቀም። በሩ ተዘጋ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ «የልጅቷን ሥራ በእጄ አረምኩት» እያልኩ አወራሁ፤ ፈተና ያረምኩ ይመስል።

የገባን ቀን ባጃጇ እናቴን ከበሩ ፊት አወረደቻት። እሷም ምርኩዟን ተደግፋ ደረጃውን ቀና ብላ አየችው። ሰባት ነው። የመጀመሪያውን በምርኩዟ መታ መታ አደረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄን ማን ይወጣዋል?»

እኔና ሸምሱ በወንበር ተሸክመን አስገባናት። እስክናስገባት ድረስ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ከዚያ በኋላ ተሸከሙኝ አላለችም፤ እኔም ላውጣሽ ስላት አትሰማኝም። ውዱዋን ከአልጋዋ አጠገብ በሳፋ ማድረግ ጀመረች። ጎረቤት እሷ ዘንድ ይመጣል፤ እሷ ግን የማንንም ደጃፍ አልረገጠችም።

ለዒድ ነዋል ልትጠይቀን መጣች። ወደ እናቴ ክፍል ገብታ የተደፈነውን ግድግዳ አየች። ወደ ሳሎን ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል።

«መወጣጫ ተዳፋት ብንሠራላትስ?» አልኳት ቀድሜ።

«ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ይፈልጋል ቲቸር። የእርስዎ ከአሥራ ሁለት ተኩል ያልፋል። ከበሩ እስከ አጥሩ ያለዎት ሦስት ሜትር ነው።» ወረቀቶቹ የት እንዳሉ ጠየቀችኝና ሴክሽኑን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል አየሁት። መሬቱ ከመንገዱ ተነሥቶ በቤቱ ሥርና ጎን፣ ያለ ደረጃ፣ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ ዳር ዜሮ ተብሎ ተጽፏል፤ ወለሉ አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲሜትር፤ ጓሮው ዘጠና ሳንቲሜትር። ከፊት ሰባት ደረጃ፣ ከኋላ አንድ፤ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ብቻ። በእናቴ በር ላይ ደግሞ ትንሽ የሰው ምስል ተሥሎ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከፍታን ለማሳየት እንደሚሣል ሰምቻለሁ። የዚህኛው ግን ወገቡ ጎበጥ ብሏል፤ ምርኩዝ ይዟል፤ ሻርፕ ለብሷል።

«እናትዎ ስለ ጉልበታቸው ነግረውኝ ነበር» አለች ነዋል ቀስ ብላ። «በሩን የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። ለእርስዎ እንዳልነግርዎት ብለውኝ ነው፤ ልጄ ይጨነቃል ብለው።»

ሸምሱ ያን ግድግዳ በሁለት ቀን ይከፍተው ነበር። ሮቶውን አንሥቶ ሌላ ቦታ ማቆምም ከባድ አልነበረም። ከባዱ እኔ ነበርኩ። በእጄ አረምኩት ብዬ ያወራሁትን በር በዚያው መንደር ፊት መልሼ ልክፈት? ክረምቱ ይውጣ አልኩ። ክረምቱ ሲወጣ ትምህርት ተጀመረ። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ «በዚህ በኩል ፀሐይ አለ አይደል?» አለችኝ። «ኢንሻአላህ እከፍተዋለሁ እማ» አልኳት። የአላህን ስም ለስንፍናዬ መሸፈኛ ማድረጌን እያወቅሁ ነው ያልኩት።

በጥቅምት ሞተች። ሰባቱን ደረጃ የወረደችው በአራት ሰው ትከሻ ላይ ነው፤ አንደኛው እኔ ነበርኩ። ደረጃው ጠባብ ስለነበር ቃሬዛው ወደ እኔ አዘነበለና ክብደቷ ሁሉ ትከሻዬ ላይ መጣ። ቀላል ነበረች።

ተዕዚያው አብቅቶ ለቀስተኛው ሲበተን ሸምሱን አስጠራሁት። መዶሻውን ይዞ መጣና የባዶውን ክፍል ግድግዳ ቆሞ አየው።

«ለማን ነው አሁን የምትከፍተው?» አለኝ።

ክፈተው ብቻ አልኩት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ብሎኬቱ ተነሥቶ የጓሮው ብርሃን አልጋዋ ላይ ወደቀ። ሜትሬን አውጥቼ ከወለሉ እስከ መሬቱ ለካሁ። አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ነው።