የኪዳነ ማርያም «ላ»

ኪዳነ ማርያም በጎንደር አስጎብኚነት ፀጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። እንግሊዝኛው ምንም እንከን አይወጣለትም። ፈረንሳዮች ሲመጡ ግን ቁስቋም በር ላይ ይቆምና፣ አባቱ ያገለገሉበትን ደብር ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው ሲያስጎበኝበት ያያል። ይኼ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ስለዚህ የአስጎብኚዎች ማኅበር የፈረንሳይኛ ትምህርት ሲከፍት ከሁሉ ቀድሞ የተመዘገበ እሱ ነው።

የመጀመሪያው የመልመጃ ወረቀት ቀላል ይመስል ነበር። ስሞቹ ተደርድረዋል፤ ከፊታቸው ባዶ ቦታ አለ። ስሙ ወንድ ከሆነ «ለ»፣ ሴት ከሆነ «ላ» ብሎ መሙላት ነው እንግዲህ! ኪዳነ ማርያም ብዕሩን አንሥቶ ሲሞላ ልቡን ተከተለ። እኛ አገር ሰው የወደደውን ሁሉ «እሷ» ይላል፤ ያቺን መጽሐፍ፣ ያቺን መንደር። እሱም መጽሐፍን «ላ ሊቭር»፣ ፀሐይን «ላ ሶሌይ»፣ መንደርን «ላ ቪላዥ» አላቸው። በርን ደግሞ ደጅ ላይ ስላስቀረው ተቀይሞት ነው መሰል «ለ ፖርት» ብሎ ወንድ አደረገው።

መምህርቷ ሕሊና ወረቀቱን አይታ ሣቋን መቆጣጠር አቃታት።

«አያ ኪዳነ፣ ምነው የወደዱትን ሁሉ ሴት አደረጉት?»

«ሸጋ ሸጋውን ለሴት ሰጠሁ፤ ምን አጠፋሁ?»

«ፈረንሳዮች የሚወዱትን አይጠይቁዎትም። መጽሐፉም፣ ፀሐዩም፣ መንደሩም ወንድ ነው። በሩ ደግሞ ሴት ናት፣ ላ ፖርት።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በሚቀጥለው ወረቀት ያላለፈ ወደ ሁለተኛው ክፍል አይገባም። ቃሉን ብቻውን አይያዙ፤ ከነፊተኛው ያጥኑት።»

ሰውየው ቀዝቅዞ ወጣ። ቁስቋም ግቢ ገብቶ ጥዱ ሥር ተቀመጠና ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ከነፊተኛው ያጥኑት! ይህን የመሰለ ቃል የት ነው የሰማው? ድንገት በልጅነት መንደሩ በኮሶዬ የነበሩት የዜማ መምህሩ፣ የኔታ ወልደኢየሱስ፣ ትዝ አሉት። የኔታ ቃልን ያለ ምልክቱ አስተምረው አያውቁም። በዜማ መጽሐፉ በድጓው ላይ ከቃሉ በላይ የተጻፈችውን ምልክት ዘሎ ቃሉን ብቻ የያዘ ተማሪ ቢገኝ፣ «ኧረ ተወው ልጄ! ዜማውን ጥለህ ምኑን ያዝኸው?» ይሉት ነበር። ተማሪው አብሮ ያስተጋባ ነበር፤ ሌሊት በብርድ፣ ቀን በእርሻው ዳር። ኪዳነ ማርያም ያን ትምህርት ጥሎ ከተማ ከገባ ስንት ዘመኑ!

እናም ፈረንሳይኛውን በየኔታ መንገድ ጀመረው። «ለ ሊቭር፣ ላ ሜዞን፣ ለ ሶሌይ፣ ላ ሊዩን» እያለ በዜማ፤ «ሜዞን» ቤት፣ «ሊዩን» ጨረቃ፣ ሁለቱም ሴት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የሚለው ቃል አስቸገረው፤ ከፊቱ ያለው «ላ» አናባቢ ሲነካው ይቆረጥና «ሌግሊዝ» ስለሚሆን ጾታው ይሸሸጋል። ሕሊና ግን «አንዲት» በሚለው በ«ዩን» ያዙት ብላ ነበር፤ «ዩን ኤግሊዝ» ሲል ሴት መሆኗ ተገለጠ። ትንሽ የሚለውም ቃል ከሴት ጋር «ፕቲት»፣ ከወንድ ጋር «ፕቲ» እያለ ስሙን ይከተላል። በግቢው የሚያልፉ ዲያቆናት ሽማግሌው ምን እንደሚዘምር ግራ ገብቷቸው ያዩት ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ኪዳነ ማርያምም ሳምንቱን ሙሉ አላቋረጠም።

የፈተናው ዕለት ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ሞላ። ዜማው ራሱ ይነግረዋል፤ «ላ ፖርት»፣ «ለ ሊቭር»፣ «ላ ፕቲት ሜዞን»። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እጁ ቆመ። «ቪላዥ» ይላል። መልሱን አጥቶት አይደለም። ሕሊና አጠገቡ መጣች።

«ምነው ቆሙ? ይህን እኮ ያውቁታል።»

«አውቃታለሁ። ኮሶዬ ያለችው መንደሬ ፊቴ መጣች። የኔታም የሉ፣ አብረውኝ የተማሩትም የሉ፤ አንድ ቤት እንኳ እኔን የሚያውቅ የለም። እሷ እያልሁ የምጠራት እኔ ብቻ ቀረሁ። አሁን እኔም ወንድ ላድርጋት?»

ፈተና ላይ ግን እንባ ነጥብ አያሰጥም። ኪዳነ ማርያም ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ፣ ከመንደሩ ፊት «ለ» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ሰጣት።

ሕሊና እዚያው ቆማ አረመችው። ሁሉም ልክ ነው።

«ሁለተኛው ክፍል ገብተዋል፣ አያ ኪዳነ» አለችው።

«ተመስገን» አለና ተነሣ። ደስታው ፊቱ ላይ ነበር፤ ግን በሩን ሲወጣ «እግዜር ይይልኝ፣ የኔታ፣ መንደሬን ከድቻት አይደለም» ሲል ሰማችው።