አራቱም ጥግ

በስልክ ፎቶ የመጣ ወረቀት አላምንም። የመድኃኒት ቤት ሥራ ያስያዘኝ አመል ነው። አንዱ የሐኪም ወረቀቱን እየነዳ ያነሳዋል፣ አንዷ ከሶፋዋ ሳትነሳ በገዛ ጥላዋ ሸፍና ታነሳዋለች፣ ሌላው ግማሹን በአውራ ጣቱ ጋርዶ "ይታያል እኮ!" ብሎ ይቆጣኛል። የሚታየውን እሰጣለሁ፣ የማይታየውን እጠይቃለሁ፣ መልስ ያጣሁለትን እተወዋለሁ። ገንዘብ ተቀባያችን በዚህ የተነሳ "እሜቴ ጥርጥር" የሚል ስም አውጥታልኛለች። ስሙን ጠልቼው አላውቅም።

የዚያን ቀን ግን ፎቶውን የላከችው የወንድሜ ሚስት ነበረች፤ ወረቀቱም የእናቴ።

እናቴ የምትኖረው ሌላ ከተማ፣ ወንድሜ ቤት ነው። ወንድሜ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ቤቱን የሚያውቀው እንደ እንግዳ ነው፤ እናቴን የምትንከባከባት ሚስቱ ናት። እናቴ የመገጣጠሚያ ሕመሟ ብሶባት ሆስፒታል መተኛቷን የሰማሁት ከወጣች በኋላ ነበር። "እንዳትጨነቂ ብለን ነው" አሉኝ። እኔ ግን ሰው የሚደብቀው የሚደበቅ ነገር ሲኖረው ነው ብዬ ቂም ይዤ ነበር።

መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ "እትዬ፣ መድኃኒቱ እዚህ ጠፋ። እማማ ጣቷን ማጠፍ አቅቷታል። እባክሽ በዛሬው አውቶቡስ ላኪልን። አወሳሰዱን ካርቶኑ ላይ ጻፊላት፣ አንቺ የጻፍሽውን ካልሆነ አትውጥም።" ከሥሩ ፎቶው አለ።

ፎቶውን ሳየው መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቅርጹን ነው። የእሷ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ቁመቱ ረዘም ይላል፤ የልጆቹን ፎቶ ስትልክልኝ አውቀዋለሁ። ይኼኛው ግን አራት ማዕዘን ሆኖ አጥሯል፤ ላይኛው ጠርዝ ላይ ያለው ጽሑፍም ወገቡ ላይ ተቆርጧል። ይኼ አጋጣሚ አይደለም። አንስታ ስታበቃ ቆርጣዋለች።

ምኑን ነው የቆረጠችው? በሆስፒታል ወረቀት አናት ላይ የበሽተኛው ስም፣ ዕድሜና የሕመሙ ዓይነት ነው የሚጻፈው። መጀመሪያ መተኛቷን ደበቁኝ፣ አሁን ደግሞ ሕመሟን።

የቀረው የወረቀቱ ክፍል ሰንጠረዥ ነው። በግራ በኩል የመድኃኒቶቹ ስም፣ መሐል ላይ መጠናቸው፣ በቀኝ ዳር አወሳሰዳቸው። ወረቀቱ ተንጋዶ ነው የተነሳው፤ ቀኝ ወገኑ ወደ ላይ ቀና ብሏል። መሐሉ ደብዝዟል። ከላይ "ሜቶትሬክሴት" የሚለውን አነበብኩና ዓይኔን ቀጥ አድርጌ ወደ ቀኝ ስወስደው "በቀን አንድ ጊዜ" ላይ አረፈ።

ይህ መድኃኒት ለመገጣጠሚያ ሲታዘዝ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ሰው ተሳስቶ በየቀኑ ከዋጠው መቅኔውን ያደርቅበታል፤ አፉ ይቆስላል፣ ደሙ ይመናመናል፣ ይገድላል። ከመደርደሪያ ሳወርደው ሁልጊዜ ደግሜ የምጠይቅበት መድኃኒት ነው።

ታዲያ "በሳምንት" ብዬ ጽፌ ብልከውስ? ብዙ ሰው እንዲያ ባደረገ ነበር። እኔም እስክሪብቶዬን አንስቼ ነበር። ነገር ግን ለመገጣጠሚያ ከሆነ ነው በሳምንት የሚሆነው። ይኼው መድኃኒት ለሌላ፣ ስሙን መጥራት ለማልፈልገው ሕመምም ይታዘዛል፤ ያኔ አወሳሰዱም መጠኑም ይለያል። ሕመሙ የተጻፈበትን ደግሞ ቆርጠውብኛል። የማውቀው ሌላ፣ ወረቀቱ ላይ ያነበብኩት ሌላ ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ አልፈለግሁም።

እንዲህ ሳብሰለስል ሁለተኛ መልእክት ገባ። "ፎቶው ካልታየሽ ብዬ ስልኬ ከፎቶው አንብቦ የጻፈውን ልኬልሻለሁ።" ሦስቱ መድኃኒቶች ጥርት ባለ ፊደል ተደርድረዋል። "ሜቶትሬክሴት፣ 25 ሚሊግራም፣ 4 ፍሬ፣ በቀን አንድ ጊዜ።"

"ይኸው፣ ተገላገልሽ!" አለች ገንዘብ ተቀባያችን በትከሻዬ በኩል አጮልቃ። "የታተመ ነው የሚመስለው።"

"እሱ ነው ያስፈራኝ" አልኳት። "ፎቶው ቢያንስ መደብዘዙን አይደብቅም። ይኼ ግን የገመተውንም ያነበበውንም በአንድ ፊደል ነው የጻፈው።"

ሃያ አምስት የሚባል ፍሬ ደግሞ እኛ ጋ ኖሮ አያውቅም፤ ያለን ሁለት ነጥብ አምስት ነው። ፎቶውን አሳድጌ ሁለቱና አምስቱ መሐል አየሁ። ክፍተት ያለ ይመስላል፤ ነጥብ ግን የለም፣ ወይ ብዥታው ውጦታል። "አለች" ለማለት ፈልጌ ስለነበር፣ ዓይኔ ነጥቧን ራሱ ሊያስቀምጣት ሞከረ። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ትንሽ ቆይቼ እንደገና ሳነሳው ግን በግራ ያሉትን ስሞች ቆጠርኩ፤ ሦስት ናቸው። በቀኝ ያሉት አወሳሰዶች ሁለት ብቻ ናቸው። ከሦስተኛው ስም ትይዩ ባዶ ነው። ማስመሪያ አምጥቼ በሰንጠረዡ መስመር ልክ አጋድሜ አስቀመጥኩበት። መስመሩ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሽቅብ ይወጣል። "በቀን አንድ ጊዜ" የሜቶትሬክሴት አይደለም፤ የሁለተኛው፣ አብሮት የሚታዘዘው ቫይታሚን፣ የፎሊክ አሲድ ነው። ወረቀቱ ስለተንጋደደ አንድ ረድፍ ተንሸራቶ ነው እንጂ። የሜቶትሬክሴት አወሳሰድ ከዚያ በላይ፣ የቀኝ ጥግ ላይ ነበር፤ ያ ጥግ ደግሞ ከአናቱ ጋር ተቆርጧል።

ወዲያው ደወልኩላት።

"ከሜቶትሬክሴት ፊት ለፊት ምን ይላል?"

"በቀን አንድ ጊዜ ይላል፣ እትዬ።" አንዴም አላመነታችም።

ለአፍታ ሁለት ምስክር ያገኘሁ መሰለኝ። ከዚያ ያ አመሌ መጣብኝ። "ከወረቀቱ ነው ወይስ ከስልክሽ?"

"ከስልኬ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ወረቀቱ ቤት ነው።"

ያንኑ የተንጋደደ ፎቶ መልሳ እያነበበችልኝ ነው። "ቤት ሂጂ። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ መሬት ላይ አንጥፊው፣ ብልጭታውን አጥፊ፣ ከላይ ቀጥ ብለሽ አንሺው። አራቱም ጥግ ይታየኝ።"

"አራቱም?"

"አራቱም።"

"እትዬ... ከሰንጠረዡ በላይ ያለው እኮ ስለ መድኃኒቱ አይደለም። እሱን ብተወውስ?"

ይኼኔ ነገሩ በደንብ ገባኝ አልኩ። "ምንድን ነው የምትደብቂኝ? እናቴን ምን ነካት?"

"ምንም! በእናቴ ሞት ምንም አልደበቅሁም።" ድምጿ ተንቀጠቀጠ። እኔ ግን እውነቷን ነው ብዬ አላለፍኩትም፤ ስትዋሽ ነው ብዬ ያዝኩት። "እንግዲያው ሁሉንም ላኪ" ብዬ ዘጋሁት።

አውቶቡሱ የሚነሳው ከሰዓት ነው። የማሸጊያ ካርቶኖቹ ጠረጴዛዬ ላይ ምንም ሳይጻፍባቸው ተደርድረዋል። ገንዘብ ተቀባያችን ሰዓቷን እያየች "እናትሽ በሕመም ስትሰቃይ ማደሯ ነው" አለች። እውነቷን ነው። ግን ያላነበብኩትን አልጻፍኩም።

ፎቶው መጣ። የሲሚንቶው ወለል ዙሪያውን ይታያል፣ ወረቀቱ መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። መጀመሪያ ያየሁት የሕመሙን ዓይነት ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም። ሌላ ምንም የለም። ወንበሬ ላይ ተደግፌ ተነፈስኩ።

ከዚያ የቀኝ ጥጉ፦ "በሳምንት አንድ ጊዜ"። በሁለቱና በአምስቱ መሐል ነጥቧ ቁጭ ብላለች። ቀኑ የተጻፈበት ላይ ግን ማህተም አርፎበታል። "ሰ" ይታየኛል፤ ሰኞ ሊሆን ይችላል፣ ግን ፎቶ ከማህተም ሥር አያወጣም፤ ይኼን የሚያውቀው የጻፈው ሆስፒታል ነው። የሆስፒታሉ ስልክ ቁጥር ደግሞ ያ ተቆርጦ የነበረው አናት ላይ ታትሟል። ደወልኩ።

የመድኃኒት ክፍሉ ሰውዬ ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ባለሙያ መሆኔንና የመድኃኒት ቤቴን ነገርኩት፤ የእናቴን የካርድ ቁጥር ከፎቶው አነበብኩለት። ፋይሉን ከፍቶ መለሰልኝ። "ሁለት ነጥብ አምስት፣ አራት ፍሬ በአንድ ላይ፣ በሳምንት አንድ ቀን። ሰኞ።" ደግሜ አነበብኩለት፤ አረጋገጠልኝ።

"ደግሞም ለልጃቸው በደንብ አስረድተናታል" አለ። "ሌሊቱን ሁሉ ወንበር ላይ እያደረች ያስታመመቻቸው ልጅ። አንቺ ለእሳቸው ምናቸው ነሽ?"

"ዘመድ ነኝ" አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ፎቶው ተመለስኩ። ከሕመሙ ሥር አንድ መስመር አለ፤ ዓይኔ መጀመሪያ ዘሎት ነበር። "የቅርብ ተጠሪ" ይላል። የወንድሜ ሚስት ስም ተጽፏል። "ዝምድና" ይላል። "ልጅ" ይላል። ብዥታ የለበትም፣ አልተንጋደደም፣ የሚጠየቅ ነገር የለውም።

እንደገና ደወልኩላት። "ይኼን ነው የቆረጥሽው?"

"እትዬ፣ እኔ አላስጻፍኩም። ነርሷ ምንሽ ናት ስትላት ልጄ ናት ያለችው እማማ ናት። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "የመድኃኒቱ ጥግ አብሮ መሄዱን አላየሁም" አለች።

ከፋኝ። አልዋሽም፣ በጣም ከፋኝ። እናቴን ያየኋት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ መድኃኒት የላክሁበት ብቻ ነው የታወሰኝ። ሊገድላት የሚችለውን ስህተት የሠራችው የወንድሜ ሚስት ናት፤ የሠራችውም ለእኔ አዝና ነው። እኔ ደግሞ ስትንቀጠቀጥ "ትዋሻለች" ብዬ ነበር። "እሺ፣ እልካለሁ" ብዬ ዘጋሁት።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ "ሰኞ ብቻ። አራት ፍሬ። በሌላ ቀን አይወሰድም።" የሌሎቹንም እንዲሁ ጻፍኩ። እሽጉ ለአውቶቡሱ ደረሰ።

በማግስቱ ጠዋት ከወንድሜ ሚስት ሌላ ፎቶ መጣ። የእኔው ካርቶን ነው፤ ብርሃን ላይ፣ ቀጥ ብሎ፣ አራቱም ጥግ እየታየ። "እትዬ፣ ሰኞ ብቻ ነው አይደል ያልሽው? ልጠይቅ ብዬ ነው። ሆስፒታልም ደውዬ ነበር።"

ጠረጠረችኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ደወልኩላት።

"ትክክል ነው፣ ሰኞ ብቻ። ደግ አደረግሽ። ሆስፒታል ስትደውይ ግን ማን ነኝ አልሽ?"

"ምራታቸው ነኝ አልኩ።"

"ሌላ ጊዜ ልጃቸው ነኝ በይ" አልኳት። "ወረቀቱ ላይ እንዲያ ነው ያለው። ሙሉውን አይቼዋለሁ።"