የጓድ ዘገዬ የሁለት ወር ዕቅድ

የናዝሬት ነፋስ ሰው አይመርጥም። በ1977 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ግን የመረጠ ይመስል፣ የጎረቤቱን ሁሉ ትቶ የዘገዬንና የገርባን ጣሪያ ይዞ ሄደ። ሁለቱ በዘይት ፋብሪካው መጭመቂያ ክፍል ጎን ለጎን የሚሠሩ፣ ጎን ለጎን የሚኖሩ፣ በአንድ የጋራ ግድግዳ የተጣበቀ ቤት የሠሩ ወዳጆች ናቸው። ነፋሱም አልለያቸውም፤ ቆርቆሮውን አንድ ላይ ጠቅልሎ ባቡር ሐዲዱ ማዶ ጣለላቸው።

«ክረምቱ ሳይገባ ካልከደንከው እኔና ልጆቼ አገራችን እንገባለን፤ አንተ ከኮከቦችህ ጋር ተኛ» አለች የዘገዬ ሚስት ሮማነወርቅ። ሮማነወርቅ አለች ማለት አለቀ ማለት ነው።

ደመወዛቸው እኩል መቶ ሠላሳ አምስት ብር ነው። ለቆርቆሮ፣ ለምስማርና ለአናጢ ለእያንዳንዳቸው ሦስት መቶ ብር ያስፈልጋል። ከፋብሪካው ለመበደር ሁለቱ ቁጭ ብለው አሰቡ። በድርቅ ለተጎዳው ወገን የአንድ ወር ደመወዛቸው በዓመት ተከፋፍሎ በየወሩ አሥራ አንድ ብር ከምናምን ይቆረጣል። በዚያ ላይ ከደመወዝ ከሲሶ በላይ መቁረጥ ክልክል ነው። ስለዚህ በወር ሠላሳ ብር፣ ከሰኔ እስከ መጋቢት፣ በአሥር ወር ይጠናቀቃል። ልጆችም ይበላሉ፣ ፋብሪካውም ገንዘቡን ያገኛል። ማመልከቻውን በየስማቸው ጻፉ፣ ከታች «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!» አሉበትና ለሥራ አስኪያጁ አስገቡ።

ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ብቻውን መፈረም አይችልም። ወረቀቱን ኮሚቴ ፊት አቀረበው። ኮሚቴ ማለት ደግሞ የፓርቲው መሠረታዊ ድርጅት ጸሐፊ ጓድ ኃይለየሱስ ነው፤ ሌሎቹ ወንበር ያሞቃሉ።

«አሥር ወር?» አለ ጓድ ኃይለየሱስ፣ ወረቀቱን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ። «ጓዶች፣ መላው ሠራተኛ ዕቅዱን መቶ ሃያ በመቶ እያሳካ ባለበት ሰዓት፣ እናንተ ሠላሳ ሠላሳ ብር ልትንፏቀቁ ነው?»

«እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ብለን ነው፣ ጓድ» አለ ዘገዬ።

«የአብዮቱ እንቁላል ይሮጣል! ወኔ ያለው ዕቅድ ይዛችሁ ኑ።»

እንቁላል ሲሮጥ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ሰው በዚያ ክፍል አልተገኘም።

ገርባ ከቢሮው ሲወጣ መሬት ላይ ተፋ። «እኔ የማልከፍለውን አልጽፍም። አባቴ ቃሉን የበላ ሰው ከብት ጋር ይደር ይል ነበር።»

«አንተስ አሁን የት እያደርክ ነው? ጣሪያ የለህ!» አለው ዘገዬ። ገርባ ግን ሐሳቡን አልቀየረም።

ዘገዬ ሚስቱን አሰበ፣ ደመናውን አየ፣ እንደገና ጻፈ። ሦስት መቶውን ብር በወር መቶ ሃምሳ፣ በሁለት ወር እጨርሳለሁ አለ። ከመቶ ሠላሳ አምስት ብር ላይ መቶ ሃምሳ! የፋብሪካው አህያ እንኳ ብትሰማ ትስቅ ነበር። ኮሚቴው ግን አጨበጨበ። ተፈቀደ፤ የገርባም ወረቀት «ወኔ የጎደለው» ተብሎ ተመለሰ።

ሒሳብ ሹሟ ወይዘሮ ዘውድነሽ ወረቀቱን አንብባ መነጽሯን አወለቀች። «ለመሆኑ የጎደለውን አሥራ አምስት ብር እኔ ነኝ የምከፍልልህ?»

«እትዬ ዘውዴ፣ አይፍረዱብኝ። ጣሪያ የለኝም።»

«የመጀመሪያው ወረቀትህ አለ?»

ከኪሱ አወጣላት። እሷም ከጀግናው ወረቀት ሥር አያያዘችው። «ሦስት መቶ ብር ይሰጠው ብለው ፈርመዋል፤ እሰጥሃለሁ። እንዴት እንደምቆርጥ ግን የሚነግረኝ ሕግ ነው እንጂ ጭብጨባ አይደለም። በወር ሠላሳ ብር። ሂድ፣ ቤትህን ክደን።»

ዘገዬ እንባው መጣ፤ ሰው አለ ለካ።

ቤቱን ከደነ። ኧረ ምን ዋጋ አለው! ሰኔ ሲገባ ዝናቡ በገርባ በኩል ገብቶ የጋራውን ግድግዳ ያርሰው ጀመር። ነፋሱም ገርባ ዘንድ ገብቶ የዘገዬን አዲስ ቆርቆሮ ከሥሩ እያነሳ ያንኳኳል። የገርባ ሚስትና ሦስቱ ልጆች ዘገዬ ቤት ገቡ፤ ገርባ ራሱ ሸራ ተከናንቦ ዕቃውን ይጠብቃል። ሮማነወርቅ ለእንግዶቹ ሳትሰስት፣ ለባሏ ግን «ግማሽ ጣሪያ ከድነህ ሙሉ ሰው ሆንክ?» እያለች ሐምሌን አጋመሰች። ግድግዳው ሆዱን መንፋት ጀምሮ ነበር። ከወደቀ የሁለቱም ቤት ይወድቃል።

በሐምሌ መጨረሻ ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። ገርባ ያችኑ የአሥር ወር ማመልከቻ ለሁለተኛ ጊዜ አስገብቷል። ጓድ ኃይለየሱስ ተነሣ።

«ጓድ ገርባ አሥር ወር ይለናል። ጓድ ዘገዬ ግን ያንኑ ገንዘብ በሁለት ወር ከፍሎ ጨርሷል! ለዚህም የምስክር ወረቀት አዘጋጅተንለታል። ጓድ ገርባ ከጎረቤቱ ይማር! ጥያቄው ውድቅ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሁለት ወሩ ስላለፈ ዕቅዱ ተፈጽሟል፤ ሒሳብ ክፍልን መጠየቅ ምን ያደርጋል? ገርባ አላጨበጨበም። ዞሮ ዘገዬን አየው። አልተቆጣም። ዘገዬ ቢሰድበው በወደደ ነበር።

«ጓድ ኃይለየሱስ!» አለ ዘገዬ፣ ሳያስበው ቆሞ። በዚያ ዘመን ጭብጨባ ያቋረጠ ሰው የት እንደሚያድር አይታወቅም። «ይቅርታ፣ እኔ ገና አልጨረስኩም። በወር ሠላሳ ብር ነው የምከፍለው። ሁለት መቶ አርባ ብር ይቀርብኛል። እስከ መጋቢት እከፍላለሁ። የገርባ ወረቀት ልክ ነው፤ የኔው ነው ውሸቱ።»

ወይዘሮ ዘውድነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ጓድ ኃይለየሱስ ዘገዬን አየ፣ የተዘጋጀውን የምስክር ወረቀት አየ፣ ማኅተሙን አየ። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ሰማችሁ ጓዶች? ጓድ ዘገዬ ዕዳውን በሁለት ወር ጨርሶ፣ እስከ መጋቢት መክፈሉን ሊቀጥል ነው!»

ጭብጨባው ከፊተኛው በለጠ። ዘገዬን ሁለት ጎረምሶች ደግፈው ወደ መድረክ አወጡት። የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ፤ ፎቶ አንሺው ሁለት ጊዜ አነሣው።

በማግስቱ ሲነጋ ገርባ በሩን አንኳኳ። ሌሊቱን የጋራው ግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ተንዶ፣ ልጆቹ የተኙበትን ምንጣፍ ጭቃ ነክቶት ነበር። ገርባ ወረቀት ዘረጋለት።

«እይልኝ፣ አማርኛው ትክክል ነው?»

ዘገዬ አነበበው። «ሦስት መቶውን ብር በአንድ ወር ከፍዬ ለመጨረስ ቃል እገባለሁ» ይላል፣ ከታችም መፈክሩ አለ።

«ገርባ፣ ምነው በአንድ ወር? ደመወዝህ እኮ መቶ ሠላሳ አምስት ነው!»

«ሁለት ወር ያንተ ሆኗል። ከዚያ ያጠረ ካልጻፍኩ ወኔ የጎደለኝ ነኝ። ወይዘሮ ዘውድነሽ የአሥር ወሩን ወረቀት ይዘህ ና እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ እሱም ኪሴ ውስጥ አለ።» ኪሱን ዳሰሰ። «እንኳንም አባቴ ይህን አላየ።»

ዘገዬ አማርኛው ልክ ነው አለው። ገርባ ወረቀቱን አጣጥፎ ጭቃውን እየረገጠ ወደ ፋብሪካው ሄደ፤ በዚያው ሳምንትም በጭብጨባ ተፈቀደለት። ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ሠራተኛ ግን ሳይበደር ከመክፈል ሌላ የቀረው ዕቅድ የለም።