የአርባ አምስት ማይክሮሜትሩ ሲስት

የላብራቶሪ ሪፖርቱ አሥር ሰዓት ላይ መግባት ነበረበት። ስምንት ሰዓት ላይ የሦስተኛው ጠረጴዛ ሁለት ተማሪዎች ዓላማውን፣ የዕቃዎቹን ዝርዝርና የአንድ ታካሚ ሰገራ በስላይድ ላይ የተቀለመበትን ሂደት ጽፈው ጨርሰዋል። የቀረው ትንታኔው ነው፤ በማይክሮስኮፑ የታየው ሲስት፣ ያ በቅርፊት የተጠቀለለ አሜባ፣ ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዱ ተማሪ በየግሉ የሚጽፍበት ክፍል።

አንዱን ተማሪ ክፍሉ «ቅርሱ» ይለዋል፤ ከእሱ በፊት የተመረቁትን ሁሉ ሪፖርት በስልኩ ይዟል። ሌላዋ «ደጋሚዋ» ናት። ዓምና በዚሁ ትምህርት ወድቃለች። ዘንድሮ በዚህ ሪፖርት ከሃያ አሥራ ሁለት ካላመጣች ከኮሌጁ ትሰናበታለች። እናቷ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ሐኪም ቤት ልትገባ ነው» ብለው ጨርሰዋል።

«ጻፊ እንግዲህ» አለ ቅርሱ ከስልኩ እያነበበ። «አራት ኒውክሊየስ ያለው የአሜባ ሲስት ታይቷል። በሙከራው መሐል መብራት በመቋረጡ የኒውክሊየሶቹን ቁጥር በእርግጠኝነት መናገር አልተቻለም፤ ሆኖም አራት ናቸው።»

«መብራት መቼ ጠፋ?»

«ሪፖርቱ ላይ ነዋ!»

«ዛሬ እኮ አልጠፋም።»

«አይ አንቺ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠፋ የኖረን መብራት ዛሬ አንቺ ልታበሪው?»

«እኔ ስምንት ነው የቆጠርኩት። አንተ ፎከሱን ሳትነካ አየህ። ሲስቱ ክብ ነው፤ አንዱን ስታጠራ ሌላው ይደበዝዛል። ቀስ እያልክ ወደ ላይ ወደ ታች ካላዞርከው ሁሉም አይታይህም።»

«ስምንት ከሆነ እንታሜባ ኮላይ ነዋ። እሱ ደግሞ ማንንም አያሳምም።»

«አያሳምም።»

«ታዲያ ሁለት ገጽ በምን ልትሞዪ ነው? ‘ሰውየው ደህና ናቸው’ ብለሽ? ባለ አራቱን፣ ገዳዩን ብትጽፊ እኮ አንጀት አለ፣ ጉበት አለ፣ መግል አለ... ሪፖርት ማለት እሱ ነው!» የመዝገብ ወረቀቷን ሳብ አድርጎ አየና ሳቀ። «ደግሞ መጠኑን አርባ አምስት ማይክሮሜትር ብለሻል። እህቴ፣ ይሄ ሲስት አይደለም፣ ዳቦ ነው። ኮላይ እንኳ ሲበዛ ሠላሳ አምስት ነው። መለካት ያቃተው ሰው ቆጠራውን ማን ያምንለታል?»

ይህቺ ነገር ወጋቻት፤ እውነት ነበረችና። ቅርሱ የራሱን ሪፖርት ሊያስገባ ሲሄድ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰች። ጠብታ ዘይት አድርጋ በመቶው ሌንስ እንደገና ለካች። ሲስቱ በማይክሮስኮፑ የዓይን ሌንስ ውስጥ ባለው ማስመሪያ ላይ አሁንም አሥራ ስምንት ክፍል ይይዛል። ያኔ በማይክሮስኮፑ ጎን የተለጠፈችውን ወረቀት ቀና ብላ አየች። በአርባው ሌንስ አንዱ ክፍል ሁለት ነጥብ አምስት ማይክሮሜትር፤ በመቶው አንድ። ጠዋት በመቶው አይታ በአርባው ቁጥር አባዝታለች።

አርባ አምስትን ግን መሰረዝ አትችልም። መምህሩ ጠዋት ወረቀቱ ላይ ፈርመውበታል። ስለዚህ ትንታኔዋ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም፦ «የተመዘገበው መጠን ስሕተት ነው፤ የሌላ ሌንስ መለኪያ የተጠቀምኩት እኔ ነኝ። ታርሞ አሥራ ስምንት ይሆናል። ይህ መጠንና ስምንቱ ኒውክሊየስ ከእንታሜባ ኮላይ ጋር ይስማማሉ። መብራት አልተቋረጠም።»

በማግስቱ መምህሩ ቢሯቸው አስጠሯት። ጠረጴዛቸው ላይ ሪፖርቱ ተቆልሏል።

«ሃያ ሦስት ተማሪ መብራት ጠፍቶበታል» አሉ። «አንቺን ብቻ እንዴት አለፈሽ?»

«አልጠፋም ጋሼ... ይቅርታ፣ መምህር።»

«አውቃለሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት። ያኔም አልጠፋም ነበር።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ከሃያ አሥራ ስምንት አገኘሁባት።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ነይ እስቲ ቁጠሪልኝ።»

የትናንቱ ስላይድ በተደረገበት በቢሯቸው ማይክሮስኮፕ ፊት ተቀመጠች። ጣቷን ትንሿ ማስተካከያ ላይ አድርጋ ጮክ ብላ ቆጠረች። አምስተኛው ላይ ወደ ታች፣ ሰባተኛው ላይ መልሳ ወደ ላይ። «ስምንት» አለች። መምህሩም ጎንበስ ብለው ቆጠሩ፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ተለጠፈ። ሃያ ሦስቱ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አሥራ ስምንት፤ መምህሩ በገዛ ዓረፍተ ነገራቸው ሰው ለመጣል አንጀታቸው አልቻለም። ደጋሚዋ አሥራ አራት፤ ለሌንሱ ስሕተት አራት፣ ላልሞላው ገጽ ሁለት ተቀንሶባታል።

«አላልኩሽም?» አለ ቅርሱ ትከሻዋን መታ አድርጎ። ከመጪው ዓመት ተማሪዎች ሁለቱ ስልካቸውን ይዘው አጠገቡ ቆመዋል፤ ሪፖርቱን እየላከላቸው ነበር።

«የእሷንም እንውሰድ እንዴ?» አለ አንደኛው።

«የእሷን ተዉት» አለ ቅርሱ። «ስሕተት አለበት።»

ደጋሚዋ አልሰማችውም። ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ በሩ እየሄደች ነበር። «እማዬ፣ ሰኞ ሆስፒታል እገባለሁ» ትላለች። «ኧረ ለልምምድ ነው፣ አልታመምኩም!»