የቆየችው ጭረት

ልብስ ሰፊውን የጎዳው ይሉኝታው ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም። ለጓደኛው ሰርግ መኪና ሲከራይ፣ የአከራዩ ቢሮ ሠራተኛ «ዞር ዞር ብለህ እያት» ቢለው፣ ሰውን መጠርጠር መስሎት ሳያይ ፈረመ። መያዣ ያደረገው ገንዘብ ደግሞ የራሱ ቢሆን ባልከፋ! አማቱ የፊት ጥርሳቸውን ሊያስተክሉበት ያጠራቀሙት ነው። እስከ ሰኞ ብቻ ብሎ ለምኖ ነው የወሰደው።

መኪናዋን ሲመልስ የሰው ዕቃ ነው ብሎ አሳጥቦ፣ ቤንዚን ሞልቶ ነበር። ሠራተኛውም የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጽፎ ወረቀት ሰጠው፤ ቀሪው ፍተሻ በኋላ ይሆናል አለው። ከዚያ ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና ሲሉት ከርመው፣ በሩ ተጭሯል፣ ግማሽ ታንክ ቤንዚንም ጎድሏል፣ ስለዚህ ከመያዣው የሚመለስ የለም አሉት። ክው አለ። አማቱ ጉዱን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። እማማ፣ ያዋርዱኛል ብሎ ቢለምን ማን ሰምቶት!

ቢሮው ውስጥ ሠራተኛው ዓይኑን በጨው አጥቦ ያንኑ ደገመላቸው። አማት አልተከራከሩም። እግራቸውን እንደሚያማቸው ተናግረው በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ተቀመጡ ነው፣ መነሣት የለም። ልብስ ሰፊው አፍሮ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

እኩለ ቀን ሲደርስ አንድ ባለመነጽር ያችኑ መኪና ሊከራይ መጣ። ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም፤ ደጅ ወጥቶ መኪናዋን እየዞረ በጣቱ ይዳብሳል። የመኪናዋ በር ላይ ሲደርስ ይቺስ ጭረት ምንድን ናት ብሎ ጠየቀ።

«እሷማ የቆየች ናት» አለ ሠራተኛው። «ዓመት አልፏታል፣ አያስቡ።»

አማት እግራቸው ዳነ። ብድግ ብለው ወጡና በዚያ ወላቃ አፋቸው ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ እኛ ዘንድማ ባለፈው እሁድ ነው የተወለደችው።»

ይህ ለአማት አልበቃቸውም። ባለመነጽሩን ኪሎ ሜትሩን እንዲያነብላቸው ለመኑት፤ አማችየውም ወረቀቱን አውጥቶ አስተያየ። ፍተሻው አላለቀም እየተባለ መኪናዋን ከተመለሰች ወዲህ ማንም አልተከራያትም፤ ግን መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሄዳለች።

«ቤንዚን ሞልተንባት ነው የመጣነው» አሉ አማት። «ቆማ ነው የጠጣችው?»

ሠራተኛው የአጎቱን ልጅ የሆነ ቦታ ስለማድረስ አንድ ነገር አጉተመተመ። ከዚያ ወደ ቢሮው ገብቶ መሳቢያውን ከፈተና መያዣውን ሳያጎድል አስረከበ። ገንዘቡን አማት ራሳቸው ተቀብለው በጉያቸው ከተቱት፤ ልብስ ሰፊው እጁን እንኳ አልዘረጋም።

ሊሄዱ ሲሉ ባለመነጽሩ፣ እማማ እባክዎ አብረውኝ ይዩልኝ አላቸው። እሳቸውም ያለ ምንም እፍረት መዞር ጀመሩ። ልብስ ሰፊው ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ የሰርግ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ በሠራተኛው ፊት አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ።

«እማማ፣ ከሥሯም ይታይ እንጂ» አለ።