የጃኬቱ ግራ

ጃኬቱ ግራጫ ነው። ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ አንገትጌው ግን ገና ደህና ነው። ሴትየዋ ሌሎች ልብሶች አሏት። ሁሉም ባለ ቁልፍ ናቸው። ቀኝ ወገኗ ከደከመ ወዲህ ቁልፍ መቆለፍ አትችልም። ብቻዋን የምትለብሰው ይህን ባለ ዚፕ ጃኬት ነው።

እንዴት እንደምትለብሰው ባሏ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ያያታል። አይረዳትም፤ እንዳይረዳት ነግራዋለች። የዚፑ አንዱ ጠርዝ ከታች ትንሽ ቤት አለው፤ የሌላው ጠርዝ ቀጭን ጫፍ እዚያ ውስጥ ይሰካል። ቤቱ በቀኟ በኩል ነው። የደከመውን እጇን ቤቱ ላይ ታሳርፍና ሆዷ ላይ ትጫነዋለች። ለመጫን ያህል ጉልበት አለው። ከዚያ በደህናው በግራ እጇ ጫፉን ትሰካለች፣ በጥርሶቹ ላይ የሚሄደውን የዚፑን ራስ ትይዛለች፣ ወደ ላይ ትስባለች። አገጯ ሥር ሲደርስ፣

"ይኸው" ትላለች።

ይህቺ "ይኸው" ቀላል ነገር አይደለችም። ልጃቸው ሩቅ ነው የምትኖረው። ባለፈው መጥታ ስትሄድ ደጁ ላይ ቆማ ለአባቷ እንዲህ አለችው፦

"እማ ልብሷን ራሷ እስከለበሰች ድረስ ነይ አልላትም። ካቃታት ግን እወስዳታለሁ፣ አባባ። አንተም ደክመሃል፤ ሰው መደገፍ አትችልም። እኔ ቤት ደግሞ ያለው የአንድ ሰው ክፍል ነው።"

የአንድ ሰው ያለችውን እናትየውም ከውስጥ ሰምታለች። ባልና ሚስት አልተነጋገሩበትም።

ልጅቷ ልትመጣ ባለችበት ሳምንት ዚፑ ተበላሸ። ራሱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ጥርሶቹም ይገጥማሉ፤ ካለፋቸው በኋላ ግን ከሥር መልሰው ይከፈታሉ።

"ለልብስ ሰፊው ስጠው" አለች።

"ለዚህችው?" ባልየው አናጢ ነበር። "ጥርሱ ምንም አልሆነም። ራሱ ነው የላላው። በፒንሳ ጫን ሲያደርጉት ይጠብቃል።"

"ጫን ስታደርግ አውቅሃለሁ።"

"ምን አድርጌ?"

"አልጋው።"

አልጋውን የሠራው እሱ ነው። አንድ ቀን ብሎኑን ሲያጠብቅ የአልጋውን እግር ሰነጠቀውና እስከ ዛሬ በጡብ ተደግፎ ነው የሚቆመው።

"አልጋና ዚፕ ምን አገናኘው" አለና ፒንሳውን አመጣ።

ያለው ትክክል ነበር። የዚፑን ራስ ከኋላው በአንዱ ጎን ትንሽ ተጫነው፣ በሌላው ጎንም ትንሽ። ሞከረችው፤ ያዘ። "ይኸው" አለች። እሱም ፒንሳውን እንደ ዋንጫ ከፍ አደረገላትና ሳቀች።

በማግሥቱ መልሶ ተከፈተ። እዚህ ላይ ለሰፊው መስጠት ነበረበት። የዚፕ ራስ እንደ ሽቦ እየታጠፈ የሚመለስ አይደለም፤ ተሰባሪ ነው። እሱ ግን እንደገና ተጫነው፣ አሁን ጠንከር አድርጎ። ቀጭ አለና ለሁለት ተከፈለ።

 ሴትየዋ የአልጋውን ጡብ አየት አደረገች።

እንግዲህ ወደ ሰፊው መሄዱ ካልቀረ፣ አሮጌውን ዚፕ እቤት ፈትቼ ልውሰድለት አለ። ሥራውን በሙሉ ለሌላ ሰው መስጠት ከብዶት ነው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ክሩን በምላጭ ቆረጠ። ዓይኑ እንደ ድሮው አይደለም፤ አንዳንድ ቦታ ምላጩ ክሩን አልፎ ጨርቁን በላው። የተፈታውን ዚፕ ከቆሻሻው ጋር ጣለ። የቆሻሻ መኪናው ወሰደው።

የሰፊው ሱቅ ጠባብ ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ በየቀለሙ የተሰቀለ ዚፕ።

"አሮጌው የት አለ፣ አባቴ?" አለ ሰፊው።

"ጣልኩት።"

"ምነው ፈቱት? እንዳለ ቢያመጡልኝ እሱን እያየሁ እተክል ነበር።"

"ላግዝህ ብዬ ነዋ።"

"ደንበኛ ሲያግዘኝ ነው ወገቤ የሚቆረጠው።" እየሳቀ ሁለት ግራጫ ዚፖች አወረደ። "እነዚህ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። የአንዱ ቤት በግራ ነው፣ የአንዱ በቀኝ። የሴትየዋ በየት በኩል ነበር?"

ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። ጠረጴዛው ታየው። ሚስቱ ማዶ ተቀምጣ፣ የደከመው እጇ ቤቱን ሲጫን ታየው። ቀኝ እጇ መሆኑን ለሐኪም ስንቴ ተናግሯል። አሁን ግን ያሰበው ስለ እጇ ሳይሆን ከተቀመጠበት ስለሚያየው ቦታ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የበርን ማጠፊያ ግራና ቀኝ የለየው ፊት ለፊቱ ቆሞ ነው።

"በግራ" አለ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"በየቀኑ የማየውን?"

ለሰፊ ግራ ማለት የለባሹ ግራ ነው። ሰፊው ይህን አላስረዳም፤ ሽማግሌውም አልጠየቀም።

ጃኬቱን ከሰፊው ያመጣው ልጅቷ በምትመጣበት ቀን ጠዋት ነው። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ነበር። ሚስቱ ለበሰችው። የደከመው እጇ እንደ ልማዱ ወደ ቦታው ወረደ። እዚያ የዚፑ ቤት የለም፤ ቀጭኑ ጫፍ ነው ያለው። በግራ እጇ ዳሰሰችው።

"ዞሯል" አለች።

ማዶ ተቀምጦ አየ። ያኔ ገባው። ጃኬቱን አውልቆላት እያለከለከ ሰፊው ዘንድ ደረሰ።

ሰፊው ጨርቁን ወደ ብርሃን ያዘው። "መፍታቱን እፈታዋለሁ። ግን ጠርዙን ምላጭ በልቶታል፤ ይዩት። ሁለተኛ ሲፈታ መርፌ የሚይዝበት አይኖረውም። ከውስጥ ጥብጣብ መደረብ አለበት። ለነገ ይተዉልኝ።"

"ነገ አይሆንም።"

"ዛሬ ይህን ሁሉ የተቀጠረ ሥራ ምን ላድርገው፣ አባቴ?"

ትቶት ቢሄድ ምን ትለብሳለች? ያሉት ባለ ቁልፍ ናቸው። ይዞት ተመለሰ።

ልጅቷ ከሰዓት መጣች። እናቷን አቅፋ ሳመች፣ የቤቱን ወሬ ጠየቀች። ከዚያ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣

"በይ እማ፣ ልበሺና ትንሽ ወጣ እንበል" አለች።

እናትየው ጃኬቱን እጅጌ በእጅጌ አስገባች። እስከዚህ ደህና ነው። ከዚያ በደህናው እጇ ጫፉን ይዛ በሌላው ጠርዝ ወዳለው ቤት ወሰደችው። ቤቱን የሚይዝላት የለም። ቀኝ እጇ ሊሻገር ሞከረ፤ መንገድ ላይ ቀረ። ቤቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስደገፈችው። አመለጣት። እንደገና አስደገፈችው። አመለጣት።

ባሏ እጁን ሊዘረጋ ሲል አየችው።

"ተው" አለች ቀስ ብላ።

"ዚፑ ነው" አለ ለልጅቷ። "ግራና ቀኙ ተምታቶ ነው እንጂ እሷ ምንም አልሆነችም። እስካለፈው ሳምንት ራሷ ነበር የምትለብሰው።"

"አባባ።"

"እውነቴን ነው። ነገ ይስተካከላል፤ ሰፊው ነግሮኛል።"

"አልጋውንም ነገ ብለኸኝ ነበር" አለች ልጅቷ። በክፋት አልነበረም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ሽማግሌው ወደ ሚስቱ አየ፤ ትመስክርልኝ ብሎ። እሷ አሁንም ከዚፑ ቤት ጋር እየታገለች ነበር። እውነት የሚመስል አንድ ቃል ፈለገ። ያለው ያው ቃል ነው፦ ዚፑ ነው። እሱን ብሎታል።

ልጅቷ ተነሥታ እናቷ ፊት ተንበረከከች። ቤቱን በአንድ እጇ ያዘች፣ ጫፉን በሌላው ሰካች፣ እስከ አገጯ ድረስ ሳበችላት። የዚፑ ራስ አንድም ቦታ አልተቀረቀረም። ጥሩ ዚፕ ነበር።

እናትየው "ይኸው" አላለችም።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ሰፊው ገና ሳይከፍት፣ ልጅቷ ባለ ቁልፍ ልብሶቹን አንድ በአንድ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተች። እሷ ቤት ለእናቷ የሚቆልፍላት ሰው አለ። ጃኬቱንም አልብሳታለች።

"አባባ፣ እስቲ ይህን ዝጋልኝ" አለች።

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ የሻንጣውን ዚፕ ያዘ። በቀስታ ሳበው። ዙሪያውን ዞሮ ያለ ችግር ተዘጋ።