ሁለት ሳምንት ምን አላት

ግንበኛዋ የተቸገረ ሰው ፊት ቆማ «ቆይ» ማለት አይሆንላትም። የጡረተኛው መምህር ልጅ፣ «አባቴ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ከእንግዲህ ደረጃ አይወጣም፤ ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጡንም። ሆስፒታል አልሞትም ብሏል። ምድር ቤት ያለችውን ዕቃ ቤት መኝታና መታጠቢያ አድርጊልን። ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል?» አላት።

«ሁለት ሳምንት» አለችው።

አብሯት የሚሠራው ታላቅ ወንድሟ የመምህሩ ልጅ ዞር እስኪል ጠበቀ። «ከየት አመጣሽው?»

«አስቤ ነዋ! ትንሽ ክፍል ናት።»

«ያሰብሽው ሁሉ ነገር የሚሰምርበትን ቀን ነው። ያለፉትን መታጠቢያ ቤቶች አስቢ እስቲ፤ ከወር በታች የወጣንበት አለ? ወለሉን ሳንከፍት ከሥሩ ያለውን በምን እናውቃለን? ሲሚንቶውስ እስኪደርቅ ማን ያቻኩለዋል? አምስት ሳምንት በይው። ቀድመን ብንጨርስ ማን ይጣላናል?»

«አምስት ብለው ልቡ ይሰበራል። ይሄኛው ይፈጥናል ስልህ!»

«ሁሌም ይሄኛው ነው የሚፈጥነው» አለና መዶሻውን አነሳ።

የመምህሩ ሴት ልጅ ደረጃ የሌለው ቤት ነበራት፤ ዛሬውኑ ልውሰድህ ብላ ለምናቸው ነበር። ሽማግሌው ግን፣ «ሁለት ሳምንት ምን አላት? ቤቴ እገባለሁ» ብለው እንቢ አሉ።

ወለሉ ሲከፈት አሮጌው የፍሳሽ ቱቦ ተሰንጥቆ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ተገኘ። እስከ መንገዱ መቆፈር ግድ ሆነ። ያን ቀን ለልጁ እውነቱን መናገር ይገባት ነበር፤ እሷ ግን፣ «ትንሽ ነገር ናት፣ እናካክሰዋለን» አለችው። ቁፋሮው አንድ ሳምንት በላ። ሰድር ለጣፊው ቀጠሮው ሲያልፍበት ሌላ ሥራ ገባ። «አንድ ሳምንት ብቻ» አለች፤ ቆይታ ደግሞ ያንኑ አለች።

ሴት ልጃቸው እንደገና ልውሰድህ ስትል፣ መምህሩ ከሆስፒታሉ አልጋ መነሳት የማይችሉ ሆነው ነበር። አራተኛው ሳምንት ላይ፣ ሰድሩ እየተለጠፈ ሳለ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ አረፉ።

ልጃቸው ከቀብር በኋላ መጣ። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች።

«ከወር በላይ ይፈጃል ብትይኝ ኖሮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አባቴ እህቴ ቤት ይገባ ነበር። ትንሽ ይቆጣል፣ ከዚያ ይገባ ነበር።»

«ልብህን እንዳልሰብር ብዬ ነው» ልትል ነበር፤ ግን መሣሪያዋን አንስታ ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

ክፍሉን ጨረሰችው። ማንም አልተኛበትም።

ከወራት በኋላ አንዲት እናት ለሽባ ልጇ የመግቢያ መወጣጫና ሰፋ ያለ በር ልታሠራ መጣች። ግንበኛዋ ከወንድሟ ጋር ቁጭ ብላ ከዚህ በፊት የሠሩት ተመሳሳይ ሥራ በእውነት የፈጀውን አሰበች፤ ግድግዳው ሲፈርስ ለሚወጣው ጉድም ጊዜ ጨመረችበት።

«ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት። ስድስቱን ያዢ፤ ግድግዳውን እንደከፈትን ደግሞ ቁርጡን እነግርሻለሁ።»

«ሌላ ግንበኛ በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ ብሎኛል» አለች ሴትዮዋ፣ ፊቷ ጠቁሮ።

«እኔም እችላለሁ» የሚለው እንደ ድሮው የግንበኛዋ ምላስ ጫፍ ደረሰ።

«አልችልም እህቴ» አለቻት።

ሴትዮዋ አመስግና ሄደች። ወንድሟ ወንበሩን ወደ እሷ ጠጋ አደረገ።